ዝናብ ያስጠለላቸው ሁለት ሰዎች ምን ይነጋገራሉ?

ድንገተኛ ዝናብ ለድርሰት ጸሐፊ ውለታ ይውላል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ በረንዳ ላይ ለማቆም ሌላ ሰበብ መፈለግ አያሻም። አኪራ ኩሮሳዋም እ.ኤ.አ. በ1950 በሠራው «ራሾሞን» ፊልም ሰዎቹን ከፈረሰ በር ሥር ሰብስቦ የሚያስወራቸው በዶፍ ዝናብ ነው።

ጣጣው የሚመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ገና በሁለተኛው መስመር ስማቸውን ያስተዋውቃል፤ በአምስተኛው የሕይወት ታሪካቸውን ያስተርካቸዋል። የተጠለለ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያወራው ስለያዘው ዕቃ ነው። ስለዚህ ከንግግሩ በፊት ለእያንዳንዳቸው እንዳይርስባቸው የሚሳሱለት አንድ ነገር ስጧቸው። ለምሳሌ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ውስጥ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በርበሬ ሊያስፈጩ የወጡ እናትና ፋይል ያቀፈ ወጣት ይቁሙ።

«እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ እዚያ ያፈሳል።»

«እኔስ ብረጥብ ግድ የለኝም። በርበሬው ነው።»

«አስፈጭተው ነው?»

«የት ተፈጭቶ! ወፍጮ ቤት ስደርስ መብራት ጠፋ። አንተስ ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍከው?»

«ወረቀት ነው።»

«ወረቀትማ ውኃ አይወድም።»

«ከእንግዲህ ቢርስም ግድ የለም።»

«ተው፣ እንዲህ አይባልም ልጄ። አምጣው፣ ከበርበሬው ላይ ላስቀምጠው።»

ወጣቱ ሥራ መከልከሉን ወይም ቪዛ ማጣቱን አልነገረንም፤ እናትየውም አልጠየቁም። አንባቢው ግን አንድ ነገር እንደተበላሸበት ገብቶታል። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ወጣቱ ማብራራት ይጀምራል፣ ትዕይንቱም ያኔውኑ ይሞታል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሴትዮዋ መጀመሪያ የሚያወሩት ከማያውቁት ሰው ጋር ነው፤ «ልጄ» ያሉት ልጁ ተስፋ መቁረጡን ሲሰሙ ነው። ያቺን ቃል መጀመሪያው መስመር ላይ ብታስቀምጧት ተራ ሰላምታ ሆና ትቀራለች።

ቆርቆሮውንም አትርሱት። ዶፉ ሲወርድበት ሰው ሰውን የሚሰማው ጮኾ ነው፤ ምስጢር ደግሞ እየጮኹ አይነገርም። ስለዚህ «ያፈሳል» የሚለው በዶፉ መሀል ይባል፤ «ቢርስም ግድ የለም» የሚለው ዝናቡ ሲቀንስ ይምጣ። በረዶ ከጣለ ጭራሹን ዝም ይበሉ። ዝናቡን በረጅሙ መግለጽ ግን አያስፈልግም፤ የድምፃቸው ከፍና ዝቅ ማለት ራሱ ይነግረናል።

ሲያባራ ወሬው ቢያልቅም ባያልቅም ትዕይንቱ ማለቅ አለበት። ታክሲ ይምጣ፣ ረዳቱ ይጣራ፣ ወጣቱ ፋይሉን ተቀብሎ ይሩጥ። ስልክ የሚለዋወጡበት መስመር ጽፋችሁ ከሆነ ሰርዙት።