አንድ ፍሪጅ ለአራት ደባል

በደባልነት ቤት የሚከራዩ ሰዎች ኪራይና የመብራት ሒሳብ ለመካፈል ብዙም አይቸገሩም። ፍሪጁ ላይ ሲደርሱ ነው ነገር የሚከረው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የተከራዩ አራት ሴቶችን ያኳረፋቸው አንድ ዕቃ ዶሮ ወጥ ነበር። አንደኛዋ ተበላሽቷል ብላ ደፋችው፤ ሌላዋ ደግሞ እናቷ ከክፍለ ሀገር የላኩላት ነው። ወጡ መቼ ፍሪጅ እንደገባ ግን ሁለቱም በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም።

ሦስተኛዋ ነገሩ ከበረደ በኋላ በቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ሰላም ልጆች። ስለ ፍሪጃችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ያልተስማማችሁበትን ንገሩኝ። የምናስገባው ሁሉ ስምና የገባበት ቀን ይጻፍበት፤ ፕላስተርና ማርከር ፍሪጁ ላይ አስቀምጣለሁ። የበሰለ ነገር አራት ቀን ከሞላው ፎቶውን ማታ እዚህ እንለጥፍ፤ እስከ ጠዋት ባለቤቱ ካላነሳው ያየ ሰው ይድፋው። የሻገተ ነገር ማንንም ሳይጠይቁ ይጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ እናጽዳ፤ እኔ እጀምራለሁ። የጾም ከላይ፣ የፍስክ ከታች ይሁን።»

መልእክቱ የማንንም ስም አያነሳም፤ የዶሮ ወጡንም ጉዳይ አይጠቅስም። ዋናው ጥንካሬው ግን ቀኑ ላይ ነው። ስም ብቻ ቢጻፍ የሚታወቀው ባለቤቱ ነው፤ ምግቡ ይበላ ወይም ይጣል እንደሆነ ግን ቀኑ ከሌለ አይታወቅም። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን እንዲቆይ ይመክራሉ፤ ያውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከገባና ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልበለጠ ነው። በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን ሽታም ጣዕምም ሳይቀይሩ ሊራቡ ስለሚችሉ አሽትቶ መወሰን አያስተማምንም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲያውም ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።

ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። የታሸገ እርጎና አይብ ላይ የሚታተመው ቀን በአብዛኛው የፈረንጆቹ ነው፤ እነሱ ደግሞ ወጣቸው ላይ «ጥቅምት 12» ይላሉ። ሁለቱ እንዳይምታቱ በእጅ የሚጻፈው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን፣ በቁጥር ሳይሆን የወሩ ስም ተጽፎ እንዲለጠፍ ተስማሙ።

ሻጋታን ሳይጠይቁ መጣልም በቂ ምክንያት አለው። እንጀራ ለስላሳና እርጥበት ያዘለ ስለሆነ ላዩ ላይ ትንሽ ነጥብ ሲታይ ሻጋታው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ነጥቡን ቆርጦ ቀሪውን መብላት፣ ወይም አሙቆ ፍርፍር ማድረግ አይበቃም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም።

የጾምና የፍስክ መለያየት ለጿሚዋ ከሃይማኖት የመጣ ጥያቄ ነው። ጥሬ ሥጋ ከሁሉ በታች መቀመጡ ግን ጿሚ ለሌለበት ቤትም ይጠቅማል፤ የሚንጠባጠበው ደም ሰላጣው ወይም ሽሮው ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል።

ቅዳሜ ባለተራዋ መደርደሪያዎቹን አውጥታ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥባለች፤ የበሩን ጎማ እጥፋት በጨርቅ ትወለውላለች፤ ጥቁር ሻጋታ የሚሸሸገው እዚያ ነው። ብዙ ፍሪጆች ከኋላ ግድግዳቸው ሥር ውሃ የሚወርድባት ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። እሷ በምግብ ፍርፋሪ ስትደፈን የአትክልቱ መሳቢያ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፤ ሰውም ፍሪጁ የተበላሸ ይመስለዋል። የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ቁጥርም ዲግሪ አይደለም፤ በአብዛኛው ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። ትክክለኛውን ለማወቅ ቴርሞሜትር በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ ማሳደርና ጠዋት ማንበብ ይበቃል።

የመጀመሪያው መልእክት የዘነጋው መብራት መጥፋትን ነበር። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ ሁለት ቀን። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ያየችው ሰዓቱን ግሩፑ ላይ እንድትጽፍ ወሰኑ። ከአራት ሰዓት ካለፈ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ወጥ ባለቤት ሳይጠየቅ ይወጣል።

ከዚያ የዐቢይ ጾም ጥያቄ መጣ። ጿሚዋ ፍሪጅ ውስጥ የምትተወው አይብ 55 ቀን አይቆይም፤ ከአንድ ሳምንት ማለፉም ያጠራጥራል። በቅበላው ቅዳሜ ፍሪጁን ለሚያጸዳ ሰው ሥራው ይህ ሆነ፦ የተረፈውን ሥጋ ቀኑን ጽፎ ፍሪዘር ማስገባት፣ አይቡን ደግሞ ለማትጾመው ደባላቸው ማስረከብ።