«ልጅዎ ዛሬም ጓደኛውን ነክሷል»

በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ልጅዎ ዛሬም ጓደኛውን ነክሷል፤ እባክዎ ይምከሩት» የሚል አንድ መስመር ያነበበ ወላጅ ወይ ልጁን ይገርፋል፣ ወይ ከመምህርቷ ጋር ይጣላል። እኔ ጥፋቱን የምጥለው በመልእክቱ ላይ ነው። ልጁ መቼና ለምን እንደነከሰ፣ ትምህርት ቤቱስ ምን እያደረገ እንደሆነ አንድም ነገር አይናገርም።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ መንከስ የተለመደ ነው። የ3 ዓመት ተኩል ልጅ ደጋግሞ ሲነክስ ግን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። አንድ የነርሰሪ ተማሪ እንውሰድ። መምህርቷ በነከሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አጠገቡ ማን እንደነበረና ቀድሞ የሆነውን ትጽፋለች። ከሳምንት በኋላ መዝገቡ ሲታይ አብዛኛው ንክሻ የደረሰው ከመክሰስ በፊት፣ ብሎኬት መጫወቻው ጥግ፣ ሌላ ልጅ ከእጁ ሲነጥቀው ነው። እንግዲህ ልጁ በዚያ ሰዓት ርቦታል፤ ቦታው ጠቧል፤ የሚከራከርበት ቃልም የለውም። በተለይ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገር በሚጠበቅበት ኬጂ፣ «የኔ ነው» ማለት የሚችለው በቤቱ ቋንቋ ብቻ የሆነ ልጅ አፉን ለሌላ ሥራ ቢያውለው አይገርምም።

ስለዚህ መክሰሱ ትንሽ ቀደም ይላል፤ ብሎኬቶቹ በሁለት ቦታ ይከፈላሉ። ረዳቷ በዚያ ሰዓት እጇ በሚደርስበት ርቀት ትቀመጣለች። ሰውነቱ ሲገተር ካየች ቀድማ «ተራዬ ነው በለው» ትለዋለች፣ በሚያውቀው ቋንቋ። ከነከሰ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የተነከሰው ልጅ ነው፤ ቦታው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግበታል። ቆዳው ከተበሳ በዚያው ቀን ለሁለቱም ወላጆች ይነገራል፤ ልጁም ጤና ባለሙያ ዘንድ ይወሰዳል። ለነካሹ የሚነገረው አጭር ነው፦ «መንከስ ያማል። አልፈቅድልህም።» ረጅም ተግሣጽ የሁሉንም ዓይን ወደ እሱ ስለሚስብ መንከሱን ሊያበረታታው ይችላል።

ለወላጆቹ የሚላከው መልእክት እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ልጃችሁ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጓደኛ ነክሷል፤ ሁለቱም ከመክሰስ በፊት አሻንጉሊት ሲነጠቅ ነው። የመክሰስ ሰዓቱን ቀደም አድርገናል፣ ረዳት መምህርቷም አጠገቡ ትሆናለች። በቤት ውስጥ እንቅልፉ ወይም ሌላ ነገር ተለውጦ ከሆነ ንገሩን። ማታ አትቅጡት፤ ረፋድ ላይ የሆነውን ከቅጣቱ ጋር አያገናኘውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያየነውን እንጽፍላችኋለን።»

የተነከሰው ልጅ ስም እዚህ ውስጥ የለም፤ ለዚያኛው ወላጅም የነካሹ ስም አይነገርም። አለበለዚያ ጉዳዩ በር ላይ ልጅ ለመውሰድ የቆሙ እናቶች ጠብ ይሆናል። «እንዲያውቀው» ብሎ መልሶ መንከስም ሆነ አፉን በርበሬ መቀባት ልጁን ያሳምመዋል እንጂ «ስጠኝ» ማለትን አያስተምረውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካልቀነሰ፣ ወይም ልጁ በቤቱም ቋንቋ ሁለትና ሦስት ቃል አያይዞ የማይናገር ከሆነ፣ ወይም ከኋላው ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ጆሮውን በሐኪም ማስመርመር ይቀድማል።