ከ1,500 የጎደሉት 60 ዙሮች

ወፍጮ ቤት ውስጥ ጤፍ የሚፈጭ ሞተር ጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለችው። የአንዱ ሰሌዳ 7.5 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 4 ፖል፣ 1,440 ዙር በደቂቃ ይላል እንበል። ነገር ግን በ50 ኸርዝ መብራት ለሚሠራ ባለ አራት ፖል ሞተር ስሌቱ የሚሰጠው 1,500 ዙር ነው። ሰሌዳዋም ስሌቱም ትክክል ናቸው፤ የጎደሉት 60 ዙሮች ደግሞ ሞተሩ ጉልበት የሚያገኝባቸው ናቸው።

1,500ው የሚመጣው ከማይዞረው ክፍል፣ ከስቴተሩ ነው። በስቴተሩ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ ሦስት ፌዝ መብራት ሲገባ ብረቱ እንደቆመ በውስጡ መግነጢሳዊ መስክ መዞር ይጀምራል። ሁለት ፖል ብቻ ቢኖር መስኩ በአንድ ሙሉ ሞገድ አንድ ዙር ይዞር ነበር። አራት ፖል ሲሆን በአንድ ሞገድ የሚሄደው ግማሽ ዙር ነው። መብራታችን በሰከንድ 50 ሞገድ ስላለው መስኩ በሰከንድ 25፣ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል።

```
120 × 50 ÷ 4 = 1500
```

ይህ ሲንክሮነስ ፍጥነት ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ፖሉን በጥንድ ቆጥረው ለ4 ማካፈል ሲገባቸው ለ2 የሚያካፍሉ ናቸው። መልሱ 3,000 ይወጣል፤ ሰሌዳው 1,440 እያለ 3,000 ካገኙ ስህተቱ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው።

የሚዞረው ክፍል ሮተር ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ሮተሩ ጫፍና ጫፋቸው በቀለበት የተያያዘ የአሉሚኒየም ዘንጎች ያሉት ሲሆን ከውጭ አንድም ሽቦ አይገባለትም። ዘንጎቹ ውስጥ ከረንት የሚፈጠረው የስቴተሩ መስክ እየቀደማቸው ሲያልፍ ብቻ ነው። ሮተሩ መስኩን ደርሶበት እኩል ቢሮጥ የሚያልፍ መስክ ስለማይኖር ከረንቱ ይጠፋል፣ የሚያዞረው ኃይልም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሮተሩ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ መዘግየት ስሊፕ ይባላል፤ የሚሰላውም ከመስኩ ፍጥነት አንጻር ስለሆነ አካፋዩ 1,440 ሳይሆን 1,500 ነው።

```
(1500 − 1440) ÷ 1500 = 0.04 = 4%
```

ሞተሩ ሊነሳ ሲል ሮተሩ ቆሟል፤ ስሊፑ 100% ነው። መስኩ በሙሉ ፍጥነቱ ስለሚያልፈው ከረንቱ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ደብዘዝ የሚለው ለዚህ ነው።

4% የሚሆነው በሙሉ ጭነት ነው። እህል ሳይገባበት የሚዞር ሞተር ወደ 1,495 ይጠጋል። በሥራ ክልሉ ውስጥ ስሊፕና ጭነት ማለት ይቻላል እኩል ይሄዳሉ፤ 1,470 ዙር ላይ ስሊፑ 2% ነው፣ ሞተሩም ግማሽ ያህል ተጭኗል ማለት ነው።

መብራት ሲደክምስ? በአንድ ስሊፕ ላይ ሞተሩ የሚሰጠው የማዞር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ቮልቴጁ በ10% ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 81% ይወርዳል። ወፍጮው ግን ያንኑ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሮተሩ የበለጠ ይዘገያል፤ 4 ለ0.81 ሲካፈል 4.9% ገደማ ይሆናል፣ ፍጥነቱም ወደ 1,426 ይወርዳል። የ14 ዙር ልዩነት ዱቄቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሙቀቱ ላይ ነው። ወደ ሮተሩ ከሚሻገረው ኃይል የስሊፑን ያህል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሞተር ሙቀቱ ከ310 ዋት ገደማ ወደ 385 ይወጣል፤ የስቴተሩም ከረንት አብሮ ይጨምራል። መብራት በደከመበት ሰዓት የእህሉን አወራረድ መቀነስ ሞተሩን ከመቃጠል የሚያድነው ለዚህ ነው።

ፍጥነቱን በእጅ የሚያዝ ታኮሜትር ይለካል፤ የሚለካው ግን የሞተሩ ዘንግ ይሁን፤ የወፍጮው ጎማ ላይ ከተለካ የቺንጋው መንሸራተትና የጎማዎቹ መጠን ልዩነት ይቀላቀሉበታል። ከዚህ የሚያሳስተው ግን የመብራቱ ድግግሞሽ ነው። ታኮሜትሩ 1,470 ሲያሳይ መረቡ 49.8 ኸርዝ ላይ ቢሆን ሲንክሮነስ ፍጥነቱ 1,494 ነው። የጎደሉት 30 ዙር ሳይሆኑ 24 ናቸው፤ ጭነቱም ግማሽ ሳይሆን 40% ገደማ ነው። ስለዚህ ኸርዝ የሚለካ መልቲሜትር በዚያው ደቂቃ መያዝ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስሊፕ ራሱ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው አንድ አምስተኛ ያህል ሊለያይ ስለሚችል፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ጭነት ግምት ነው፤ በእርግጠኝነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚገባውን ኃይል በዋት መለኪያ መለካት አለበት።