የመጀመሪያውን የስኳር መለኪያ ሲረከቡ፦ ከፋርማሲው ከመውጣትዎ በፊት

የስኳር ሕመም እንዳለብዎ ተነግሮዎት ሐኪምዎ ቤትዎ ሆነው እንዲለኩ ካዘዘ፣ መለኪያውን (ግሉኮሜትር)፣ ስትሪፑንና የመውጊያ መርፌውን የሚሰጥዎት ፋርማሲስቱ ነው። ብዙ ሰው ካርቶኑን ተቀብሎ ከፍሎ ይሄዳል፤ አጠቃቀሙን የሚሞክረው ቤት ከገባ በኋላ ነው። እርስዎ ግን ከመውጣትዎ በፊት ፋርማሲስቱን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «እዚሁ እርስዎ እያዩኝ ልለካ፤ ስሳሳት ያርሙኝ።» ቤት ውስጥ የሚረዳዎት ልጅ ወይም የትዳር አጋር ካለ አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። መለኪያው የተሳሳተ ቁጥር ካሳየ፣ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተው የሚወስዱት እርምጃም ይሳሳታል።

መጀመሪያ እጅ መታጠብ

በቅርቡ ኢንሱሊን የጀመሩ አንዲት እናት ከምሳ በፊት ብርቱካን ልጠው ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ስኳራቸውን ሲለኩ 286 ሆነ። ልጃቸው ደንግጣ ደወለችልኝና «ኢንሱሊኑን ልጨምርላቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ምንም ሳትጨምር በመጀመሪያ እጃቸውን በውሃና በሳሙና አስታጥባ፣ በደንብ አድርቃ በሌላ ጣት እንድትለካ ነገርኳት። ሁለተኛው ውጤት 131 ነበር። ኢንሱሊኑ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ስኳራቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችሉ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስትሪፑ የሚፈልገው የደም ጠብታ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ጣት ላይ የቀረ ጥቂት የፍራፍሬ ወይም የማር ስኳር ከደሙ ጋር ሲቀላቀል ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርገዋል። በአልኮል መጥረግ ብቻ ይህን ስኳር በደንብ አያነሳም። ውሃ በአጠገብዎ ከሌለ የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጠርገው በሁለተኛው ይለኩ።

ሲወጉ የጣትዎን መሃል ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ሕመሙ ያነሰ ነው። ደም እንቢ ካለ እጅዎን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ያወዛውዙ፤ ጣትዎን አጥብቀው አይጭመቁ፣ ጭመቃው ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። የመውጊያው መርፌ የእርስዎ ብቻ ነው። ቤተሰብ «እስቲ የእኔንም ለካኝ» ቢል እንኳ መርፌውንም መውጊያውንም አያጋሩ፤ እንደ ጉበት ቫይረስ ያሉ በሽታዎች በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። የተጠቀሙበትን መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጨምሩ።

ስትሪፑን መጠበቅ

ስትሪፑ ላይ ከደም ስኳር ጋር የሚሠራ ኬሚካል አለ። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ሲበላሽ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ስትሪፑን ከራሱ ብልቃጥ አውጥተው በሌላ ዕቃ አያስቀምጡ። አንዱን ካወጡ በኋላ ክዳኑን ወዲያው ይክደኑ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አያስቀምጡት።

ፋርማሲስቱን ሁለት ቀኖች ይጠይቁ። አንዱ ብልቃጡ ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ነው። ሁለተኛው ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው፤ ይህ እንደ ስትሪፑ ዓይነት ይለያያል። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። 50 ፍሬ ያለው ብልቃጥ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚለካ ሰው 25 ቀን ይበቃዋል። በሳምንት ሁለቴ ለሚለካ ሰው ግን ወደ ስድስት ወር ስለሚቆይ፣ ሳያልቅ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ከውጭ አገር የተላከ መለኪያ

ዘመድ ከውጭ መለኪያ ከላከልዎት፣ ከመጠቀምዎ በፊት ፋርማሲስቱ እንዲያየው ያድርጉ። የሚታዩት ነገሮች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ስትሪፑ እዚህ መገኘቱ ነው። መለኪያ የሚሠራው ለእሱ በተሠራ ስትሪፕ ብቻ ስለሆነ፣ አብሮት የመጣው ሲያልቅ መሣሪያው ያለ ጥቅም ይቀመጣል።

ሁለተኛው የቁጥሩ መለኪያ ነው። በኢትዮጵያ ሐኪሞች በብዛት የምንጠቀመው በመስኮቱ ላይ mg/dL ተብሎ የሚታየውን ነው፤ አሜሪካም እንዲሁ ነው። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የመጣ መለኪያ ግን በmmol/L ያሳያል። እዚያ መለኪያ ላይ 15 ቢያዩ «ስኳሬ በጣም ወርዷል» ብለው ስኳር ሊጠጡ ይችላሉ። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ 15 ሲባዛ በ18 270 ይሆናል፣ ይህም ከፍተኛ ነው። የmmol/L ቁጥርን በ18 ሲያባዙ እኛ የምንጠቀመውን ያገኛሉ።

ቁጥሩን አይቶ ምን ማድረግ

ሐኪምዎ መቼ መቼ እንደሚለኩና ግብዎ ስንት እንደሆነ በወረቀት እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ይመከራል። ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ግቡ ይለያል። ተከታትለው ሁለት ጊዜ ለክተው 142 እና 151 ቢያገኙ አይጨነቁ፤ ጥሩ መለኪያም ይህን ያህል ልዩነት ያሳያል። ስትሪፕዎንም በዚህ አያባክኑ።

ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መጨመርና ድንገተኛ ረሃብ ከተሰማዎት ወዲያው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥም ይሆናል፤ ስኳር የሌለው ዓይነት ግን አይጠቅምም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ስትሪፕ ካለቀብዎት ለመለካት ብለው አይዘግዩ፣ ስኳሩን ይጠጡ። ለቤተሰብ፦ ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከ300 በላይ ከሆነ እጅዎን ታጥበው እንደገና ይለኩ። ያው ከሆነና ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን አተነፋፈስ ወይም ድንዛዜ ካለ በዚያው ቀን ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ምልክት ከሌለብዎትም ሐኪምዎን ሳይጠይቁ የመድኃኒት መጠን አይጨምሩ። መስኮቱ ላይ HI ከታየ ስኳሩ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው፤ LO ደግሞ ከሚቆጥረው በታች ነው። ታጥበው ደግመው ሲለኩም HI ካለ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። LO ካለ ግን ስኳሩን በመጀመሪያ ይጠጡ፣ ከዚያ ይለኩ።

ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን በደብተር ይመዝግቡ። በቀጠሮዎ ቀን ደብተሩንም መለኪያውንም ይዘው ይምጡ፤ መድኃኒትዎን የምናስተካክለው እሱን አይተን ነው።