ሰሙን አልፎ ወርቁን ማግኘት

በዘፈን ግጥም ውስጥ ሰምና ወርቅ የሚፈልግ ጀማሪ አስቀድሞ ኅብረ ቃሉን ያግኝ፤ ሁለቱንም ፍቺ የሚሸከመው እሱ ነው። በባህላዊው ዘፈን ወግ ለማሳያ የገጠምነው ስንኝ እነሆ፦

ጠላው ተጠመቀ፣ በጉም ተገዛና፤
ብትዘገይም እንኳ ልጠብቅህ ገና።

ኅብረ ቃሉ «ገና» ነው። ሰሙ በዓሉን ይጠራል፦ ድግሱ ተሰናድቷል፤ ገና ሆይ፣ ብትዘገይም ልጠብቅህ። ጠላውና በጉ የገቡት ለዚህ ሰም ነው። ወርቁ ግን ለቀረ ወዳጅ የተላከ ነው፦ ብትዘገይም አሁንም ልጠብቅህ።

በዓሉ ሲሆን «ና» ይጠብቃል፤ «አሁንም» ሲሆን ይላላል። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ወርቁን ለመፈተን ከሰዋስው ጋር ያስተያዩት፦ «ልጠብቅህ» ለበዓሉም ለወንድ ወዳጅም ይሆናል፤ ለሴት ቢሆን ኖሮ ወርቁ ይፈርስ ነበር።