የሌለውን መፈለግ፦ የቋሚ አክስለሬሽን ቀመሮች አመራረጥ

በቀጥታ መስመር የሚጓዝ አካል ፍጥነቱ በእኩል የጊዜ ልዩነት እኩል የሚጨምር ወይም እኩል የሚቀንስ ከሆነ አክስለሬሽኑ ቋሚ ነው ይባላል። እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ አምስት መጠኖች ይበቃሉ፤ እነሱም መነሻ ፍጥነት (u)፣ የመጨረሻ ፍጥነት (v)፣ አክስለሬሽን (a)፣ የቦታ ለውጥ (s) እና ጊዜ (t) ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ከታወቁ የቀሩትን ሁለቱን ማስላት ይቻላል። ተማሪን የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ስሌቱ አይደለም። ቀመሮቹ ሁሉ ስለ ፍጥነትና ስለ ርቀት የሚናገሩ ስለሆኑ ለቀረበው ጥያቄ የትኛው እንደሚስማማ መለየት ነው የሚከብደው።

የቀመሮቹ መሠረት ሁለት ሐሳቦች ብቻ ናቸው። አንደኛው የአክስለሬሽን ትርጉም ራሱ ነው፤ በየሰከንዱ a ያህል የሚለወጥ ፍጥነት በ t ሰከንድ ውስጥ at ያህል ይለወጣል። ሁለተኛው የአማካይ ፍጥነት ሐሳብ ነው። ፍጥነቱ ወጥ በሆነ መንገድ የሚለወጥ አካል የሚሸፍነው ርቀት፣ በመነሻና በመጨረሻ ፍጥነቱ መካከል ባለው አማካይ ፍጥነት ሳይፋጠን ቢጓዝ ከሚሸፍነው ጋር እኩል ነው። ይህን በ14ኛው መቶ ዘመን በኦክስፎርድ የመርተን ኮሌጅ ሊቃውንት ደርሰውበት ነበር፤ ጋሊልዮም በ1638 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ስለሚወድቁ አካላት ሲያስረዳ ተጠቅሞበታል። የቀሩት ሦስት ቀመሮች አዲስ ሕግ አይጨምሩም፤ ከሁለቱ ውስጥ አንድን መጠን በማስወገድ የሚገኙ ናቸው።

```
v = u + at
s = ½(u + v)t
s = ut + ½at²
s = vt − ½at²
v² = u² + 2as
```

እያንዳንዱ ቀመር ከአምስቱ መጠኖች አራቱን ይዞ አንዱን ይተዋል። የመጀመሪያው s የለበትም፣ ሁለተኛው a የለበትም፣ ሦስተኛው v፣ አራተኛው u፣ አምስተኛው ደግሞ t የለበትም። የአመራረጡ ዘዴ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት መጠኖችን ሰጥቶ አራተኛውን ሲጠይቅ፣ ያልተሰጠም ያልተጠየቀም አንድ መጠን ይቀራል። የሚፈለገው ቀመር ያ መጠን የሌለበት ነው። ስለዚህ ቀመር ከመፈለግ በፊት አምስቱን ፊደሎች በአንድ ዓምድ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የተሰጠውን ቁጥር አስቀምጦ፣ በሚፈለገው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ፣ ባዶ የቀረው የትኛው እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ሠንጠረዡ ሲሞላ አንዳንድ ቁጥሮች በቃላት ውስጥ ተደብቀው ይገኛሉ። «ከቆመበት ተነሣ» ወይም «ተለቀቀ» ማለት u = 0 ነው፤ «ቆመ» ማለት v = 0 ነው፤ ወደ ላይ የተወረወረ አካል «ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ» ሲባልም በዚያች ቅጽበት v = 0 ነው። በነፃ የሚወድቅ አካል ከሆነ አክስለሬሽኑ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ መሆኑ ባይጻፍም ይታወቃል፤ ለቀላል ስሌት 10 ተደርጎ ይወሰዳል። ሁለት ቁጥር ብቻ የተሰጠበት የሚመስል ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን እንዲህ ባለ ቃል ውስጥ ይዞታል።

አንድ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። ሹፌሩ ከፊቱ እንቅፋት አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ መኪናው ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ይቆማል። እንቅፋቱ ከታየበት ቅጽበት ጀምሮ ስንት ሜትር ይጓዛል? መጀመሪያ መለኪያዎቹ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ በሰዓት የተሰጠው ኪሎ ሜትር ለ3.6 ሲካፈል 20 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ቀጥሎ ጉዞው ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሰከንድ ፍሬን ስላልተያዘ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው፤ መኪናው 20 ሜትር ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍል u = 20፣ v = 0፣ a = −5 ነው፤ የሚፈለገው s ነው። ያልተሰጠውም ያልተጠየቀውም t ስለሆነ t የሌለበት አምስተኛው ቀመር ይነሣል፤ 0 = 400 − 10s፣ ስለዚህ s = 40 ሜትር። ጠቅላላው 60 ሜትር ነው።

ሁለቱን ክፍሎች አንድ አድርጎ ማስላት የተለመደ ስሕተት ነው። ፍሬኑ ለ4 ሰከንድ ይሠራል፤ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጋር ጉዞው 5 ሰከንድ ይፈጃል። አማካይ ፍጥነቱ 10 ነው ብሎ በ5 ያባዛ ሰው 50 ሜትር ያገኛል፤ 10 ሜትር ይጎድለዋል። የአማካዩ ቀመር የሚሠራው አክስለሬሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሲሆን ነው፤ እዚህ ግን መንገዱ መሃል ላይ ከዜሮ ወደ −5 ተለውጧል። አክስለሬሽኑ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ አዲስ ሠንጠረዥ መጀመር ያስፈልጋል። ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የመጨረሻ ፍጥነት ለሁለተኛው ክፍል መነሻ ይሆናል።

ቀመሩ የማያውቀው ነገርም አለ። ፍሬን ከተያዘ ከ6 ሰከንድ በኋላ መኪናው ምን ያህል ሄዷል ተብሎ በሦስተኛው ቀመር ቢሰላ፣ 120 ሲቀነስ 90፣ 30 ሜትር ይመጣል። ከ4 ሰከንድ በኋላ 40 ሜትር የነበረው ወደ 30 መመለሱ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በፍሬን አይሆንም። ቀመሩ መኪናው በ4ኛው ሰከንድ እንደቆመና ፍሬኑም ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ እንደማይገፋው አያውቅም። ስለዚህ በፍሬን ጥያቄ ላይ አስቀድሞ የመቆሚያውን ጊዜ ማስላትና የተሰጠው ጊዜ ከዚያ ያልበለጠ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

t የሌለበት ቀመር ፍጥነቶቹን በካሬ ስለያዘ፣ በመንገድ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ውጤት ያሳያል። ሌላ መኪና በዚያው ቦታ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ25 ሜትር በሰከንድ እየመጣ ነበር እንበል። ሹፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ 25 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ እስኪቆም 62.5 ሜትር ያስፈልገዋል፤ በድምሩ 87.5 ሜትር ማለት ነው። እንቅፋቱ 60 ሜትር ላይ ከሆነ የመጀመሪያው መኪና ልክ ሊነካው ሲል ይቆማል። ሁለተኛው ግን እዚያ ሲደርስ በፍሬን የሄደው 35 ሜትር ብቻ ነው። አሁን የሚታወቁት u፣ a እና s ናቸው፤ የሚፈለገው v ነው፤ የተተወው አሁንም t ነው። v² = 625 − 350 = 275፣ ስለዚህ v ወደ 16.6 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚበልጠው መኪና፣ ሌላው በቆመበት ቦታ እንቅፋቱን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይመታዋል። ምክንያቱም ፍሬን ፍጥነትን የሚቀንሰው በየሰከንዱ እኩል እንጂ በየሜትሩ እኩል አይደለም፤ ፈጣኑ መኪና እያንዳንዱን ሜትር የሚያልፈው ባጠረ ጊዜ ስለሆነ በዚያ ሜትር ላይ የሚጠፋው ፍጥነቱ ትንሽ ነው።

ወደ ላይና ወደ ታች በሚደረግ እንቅስቃሴ ላይ ደግሞ ከቀመር ምርጫ ባልተናነሰ አቅጣጫ ይወስናል። ከ20 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ ጫፍ ኳስ ወደ ላይ በ15 ሜትር በሰከንድ ተወርውሮ ከሕንፃው ሥር ባለው መሬት ላይ ያርፋል እንበል። ወደ ላይ ያለው አቅጣጫ ፖዘቲቭ ከተባለ u = 15፣ a = −10 ነው። መሬቱ ከመወርወሪያው በታች ስለሆነ s = −20 ነው። s እዚህ ላይ ኳሱ በድምሩ የተጓዘው መንገድ ሳይሆን ከተነሣበት እስከደረሰበት ያለው የቦታ ለውጥ ነው፤ ወደ ላይ የወጣውና የተመለሰው ርቀት አይቆጠርም። ስለዚህ ጉዞውን ወደ ላይና ወደ ታች ብሎ መክፈል አያስፈልግም፤ ኳሱ ሲወጣም ሲወርድም አክስለሬሽኑ ያው −10 ነው። ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን አክስለሬሽኑም ዜሮ ይሆናል ብሎ ማሰብ ጥያቄውን ያበላሻል።

የሚፈለገው t፣ የተተወው v ነው፤ ሦስተኛው ቀመር −20 = 15t − 5t² ይሰጣል። ሲስተካከል t² − 3t − 4 = 0 ይሆናል፤ መልሶቹም 4 እና −1 ናቸው። ኳሱ ከመወርወሩ በፊት መሬት ሊነካ ስለማይችል የሚወሰደው 4 ሰከንድ ነው። ሁለት መልስ ያለው እኩልታ መፍታት የሚከብደው ሰው በሌላ መንገድ መሄድ ይችላል፤ መጀመሪያ በአምስተኛው ቀመር v² = 225 + 400 = 625 ያገኛል፣ ከዚያ በመጀመሪያው ቀመር ጊዜውን ያሰላል። ይሁን እንጂ ምርጫው አይቀርለትም። የ625 ካሬ ሥር 25ም −25ም ነው፤ ኳሱ ሲያርፍ ወደ ታች እየሄደ ስለሆነ −25 ይወሰዳል፣ t ም 4 ይሆናል። በቸልታ 25 የወሰደ ሰው t = −1 ያገኛል። ይህ ቁጥር የመጣው ከሂሳብ ስሕተት አይደለም። ኳሱ አንድ ሰከንድ ቀድሞ ከመሬት በ25 ሜትር በሰከንድ ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ በጣሪያው አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱ ልክ 15 ይሆን ነበር፤ ቀመሩ የሚናገረው ስለዚያ ያልተደረገ ውርወራ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አክስለሬሽኑ በእርግጥ ቋሚ ሲሆን ነው፤ ይህን ማወቂያው ፍጥነትን በእኩል ጊዜ እየለኩ ጭማሪውን ማየት ነው። በየሰከንዱ የተለካ ፍጥነት 0፣ 4፣ 8፣ 12 ከሆነ ጭማሪው ሁልጊዜ 4 ስለሆነ ከአምስቱ ማንኛውንም መጠቀም ይቻላል፤ በሦስቱ ሰከንድ የተሸፈነው ርቀት 18 ሜትር ነው። የአየር ግፊት የሚገታው አካል ግን 0፣ 4፣ 7፣ 9 ሊል ይችላል። ጭማሪው 4፣ 3፣ 2 እያለ ስለቀነሰ ከመነሻውና ከመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ተነሥቶ 13.5 ሜትር ማለት ትክክል አይሆንም። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ሰከንድ ለብቻው ወስዶ አማካዩን መደመር ይሻላል፤ 2፣ 5.5 እና 8 ተደምረው 15.5 ሜትር ይመጣል። የፍጥነቱ ጭማሪ መጀመሪያ ላይ የበረታ ስለነበር ይህ ግምት ከ13.5 መብለጡ ይጠበቃል፤ ልኬቱ በግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ቢወሰድ ደግሞ ድምሩ ወደ እውነተኛው ርቀት ይበልጥ ይቀርባል።