ቀለሙ ሲጠፋ ግራፉም እንዳይጠፋ

አንድ ተመራቂ ተማሪ በጥናቱ ውስጥ የወንድና የሴት ተማሪዎችን ቁጥር በባር ግራፍ ሊያሳይ ፈልጎ ወንዶቹን በቀይ፣ ሴቶቹን በአረንጓዴ ቀባ እንበል። ስክሪን ላይ ግራፉ ግልጽ ነው። ጥናቱ ግን የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ባሮች አንድ ዓይነት ጠቆር ያለ ግራጫ ይሆናሉ፣ የትኛው የማን እንደሆነም አይለይም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀለም ወደ ግራጫ ሲለወጥ የሚቀረው ድምቀቱ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ድምቀትን የሚያሰላበት የተለመደው ቀመር ይህ ነው፦

```
0.299 R + 0.587 G + 0.114 B
```

ውጤቱ 0 ከሆነ ጥቁር፣ 255 ከሆነ ነጭ ይሆናል። ደማቁ ቀይ (255, 0, 0) ሲሰላ 76 ይመጣል፤ ጠቆር ያለው አረንጓዴ (0, 128, 0) ደግሞ 75። እነዚህን ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ቢጫ (255, 255, 0) 226 ስለሚሆን ከወረቀቱ ነጭ ጋር ሊዋሃድ ይቀርባል፤ ጥቁር ሰማያዊ (0, 0, 128) ግን 15 ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ ቢመርጥ፣ ቢጫውንም በጥቁር መስመር ቢከበው፣ ግራፉ በቀለምም ያለ ቀለምም ይነበባል። የሚነጻጸሩት ነገሮች ከሦስት ከበለጡ በግራጫ ደረጃ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ግራጫን የሚሠራው በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ነውና ኮፒው በተደጋገመ ቁጥር ጠቆር ያለው ወደ ጥቁር፣ ፈዘዝ ያለው ወደ ነጭ ይሸሻል። በመስመር ግራፍ ከሆነ አንዱን ሙሉ መስመር፣ ሌላውን የተቆራረጠ፣ ሦስተኛውን ነጠብጣብ ማድረግ ይሻላል።

በእነዚያ ነጠብጣቦች ላይ ጽሑፍ ማስቀመጥ ደግሞ ፊደሉን ያበላሸዋል፤ በተለይ የእኛን። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት ትንሿ ቅጥያ እግሩ መሐል ላይ ወይም ግርጌው ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። እሷ ከተዋጠች ቃሉ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ስሙ ከባሩ ውጭ፣ ነጩ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከባሩ ጋር እንዳይነካካም ክፍተት ይተውለት። ፎንቱም እንደ Noto Sans Ethiopic መስመሩ እኩል ውፍረት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጫጭን መስመር ኮፒ ላይ ይበጣጠሳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መጠኑን ነው። 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግራፍ ገጹ ላይ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲጠብብ 12 የነበረው የፊደል መጠን 6 ይሆናል። ገጹ ላይ 10 ሆኖ እንዲወጣ ከተፈለገ መጀመሪያውኑ በ20 መጻፍ አለበት፤ ወይም ግራፉን ከመነሻው በሚታተምበት ስፋት መሥራት ነው።

ጥራዙ ከመጠረዙ በፊት የግራፉን ገጽ ብቻ በጥቁርና ነጭ አትሙ፣ ያንኑ መልሳችሁ ፎቶ ኮፒ አንሱት፣ ከዚያም ጥናቱን ለማያውቅ ሰው ስጡት። የትኛው ባር የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ካልነገራችሁ ግራፉ ገና አላለቀም።